ቆጠራው ላይ አምስት ኩሽኔታ ጎደለ፦ ስለ ሌሊት ፈረቃ ንብረት ጠባቂ አጭር ልቦለድ እንዴት ይጻፋል

ስለ ንብረት ቆጠራ የሚጻፉ አጫጭር ልቦለዶች አብዛኞቹ የሚወድቁት ሂሳባቸው ስለማይገጥም ነው። ንብረት ጠባቂው መደርደሪያውን ቀና ብሎ ያይና "ጎድሏል!" ብሎ ይደነግጣል። ስንት እንደነበረ፣ ስንት እንደተገኘ፣ ልዩነቱ በየትኛው ወረቀት ላይ እንደታየ አይነገረንም። ከዚያ ሌባ ይመጣል፣ ሌባው ይያዛል፣ ታሪኩ ያልቃል። ግምጃ ቤት ውስጥ አንድ ዓመት እንኳ የሠራ አንባቢ ሁለተኛው ገጽ ላይ ጥሎት ይነሣል።

እዚህ አንድ ታሪክ ከሂሳቡ ጀምረን እስከ መጨረሻው ትዕይንት እንገነባለን። ቦታው ቡሬ፣ ምዕራብ ጎጃም፤ ስሙ የማይጠራ የዱቄት ፋብሪካ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ነው። ጊዜው ሰኔ 29 ለ30 አጥቢያ። ርዝመቱ ወደ 2,000 ቃል ይሁን፤ ለአንድ ሌሊትና ለአንድ ጉድለት ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሦስት ወረቀት አዘጋጁ

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳትጽፉ ሦስት ወረቀት ይኑራችሁ። በአንዱ ላይ የጎደለውን ዕቃ ቢን ካርድ፣ ማለትም ገቢና ወጪው የሚመዘገብበትን ካርድ፣ በእጃችሁ ሥሩ፦ ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ። በሁለተኛው ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ያለውን ሰዓት በየመስመሩ ጻፉ። በሦስተኛው ላይ የባለታሪኮቹን ስም ደርድሩና እያንዳንዱ ስለ ጉድለቱ ምን እንደሚያውቅ፣ መቼ እንዳወቀ መዝግቡ።

እነዚህ ወረቀቶች በታሪኩ ውስጥ አይታዩም። ሳይሠሯቸው የሚጀምሩ ሰዎች ግን መሐል ላይ ሲደርሱ የጎደለው ዕቃ ቁጥር ይለዋወጥባቸዋል፤ መጀመሪያ አምስት የነበረው መጨረሻ ላይ አራት ሆኖ ይገኛል።

ደረጃ 1፦ ሌሊት የሚሠራ ግምጃ ቤት ምረጡ

ብዙ ግምጃ ቤት ማታ ተቆልፎ የሚያድረው ዘበኛ ብቻ ይዞ ነው። ባለታሪካችሁ ሌሊት ሥራ ላይ እንዲሆን በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። በሦስት ፈረቃ የሚሠራ ፋብሪካ ይህን ምክንያት ይሰጣችኋል፤ ማሽን ሌሊት ሲቆም መካኒኩ መለዋወጫ ይፈልጋል፣ የሚያወጣለት ሰውም መኖር አለበት። ፈረቃው ከጠዋቱ 12 እስከ 8፣ ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው።

የሚጎድለውን ዕቃ ትንሽና የሚቆጠር አድርጉት። ዱቄት፣ ዘይት ወይም ነዳጅ ከመረጣችሁ ጉድለቱ በሚዛን፣ በመፍሰስ ወይም በእርጥበት ሊመካኝ ይችላል፤ ታሪኩም ይላላል። ኩሽኔታ ግን አይተንም። እኛ 6205 የሚባለውን እንውሰድ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አሐዞች በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ይሰጣሉ፤ 05 ማለት 25 ሚሊ ሜትር ነው። የውጩ ዲያሜትር 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ጎረቤቱ 6206 ደግሞ 30፣ 62 እና 16 ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልዩነታቸው ለዓይን ይታያል። በካርቶናቸው ውስጥ እንዳሉ ግን የሚለያቸው አንድ አሐዝ ብቻ ነው፤ ሴራው የሚነሣውም ከዚህ አሐዝ ነው።

የሚጻፈውን ቃልም ከቦታው ውሰዱ። መካኒኩ ኩሽኔታና ቺንጋ ይላል እንጂ ከመዝገበ ቃላት የተለቀመ ስም አይጠራም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ገቢው ሞዴል 19፣ ወጪው ሞዴል 22 ነው። የግል ፋብሪካ ከሆነ ገቢ ደረሰኝና ወጪ ደረሰኝ በቂ ነው። ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይነቃባችኋል።

ደረጃ 2፦ ቀኑንና ሰዓቱን አጥብቁ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ቆጠራው እዚያ ዙሪያ ይውላል። ሰኔ በጎጃም ክረምት ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የሰው ኮቴ አይሰማም፣ መብራት ይሄዳል፣ ጄኔሬተር እስኪነሣ ድረስ በባትሪ ይሠራል። እነዚህን ለጌጥ አትጠቀሙባቸው፣ ሥራ ስጧቸው። መካኒኩ በሩ ላይ እስኪቆም ባለታሪኩ የማይሰማው በዝናቡ ምክንያት ይሁን። የካርቶኑን ቁጥር አጠጋግቶ የሚያነበውም መብራት ስለሄደ ይሁን።

ሰኔ 30 ሁልጊዜ በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ባለታሪካችሁ የሚጾም ሰው ከሆነ ሌሊት ወተት አታጠጡት፤ ቆሎ ይቆርጥም፣ ሻይ ይጠጣ።

ሰው የሚስተው አንድ ጉዳይ አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የወጣ ዕቃ ቀኑ ስንት ይባላል? አንዱ ፈረቃው በጀመረበት ቀን ይጽፋል፤ ሌላው ሊነጋ ባለው ቀን። ፋብሪካችሁ የትኛውን እንደሚከተል ወስኑ። በእኛ ታሪክ ግምጃ ቤቱ ፈረቃው በጀመረበት ቀን ይጽፋል፤ የጥገና ክፍሉ ደግሞ በሚነጋበት። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ሥራ በአንዱ መዝገብ መጋቢት 12፣ በሌላው መጋቢት 13 ሆኖ ይገኛል። ባለታሪኩ ለአፍታ ዕቃው ሁለት ጊዜ የወጣ ይመስለዋል። ይህን አፍታ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ስጡት፤ ከረዘመ አንባቢውን ያደክማል።

ደረጃ 3፦ ሂሳቡን መጀመሪያ ጨርሱ

ይህን ደረጃ በጥድፊያ አትለፉት። ካርዱን እንዲህ ሙሉ፦

- ጥር 8፦ ከወጪ ቀሪ 6
- የካቲት 20፦ ገቢ 12፣ ቀሪ 18
- መጋቢት 3፦ ወጪ 2፣ ቀሪ 16
- ሚያዝያ 25፦ ወጪ 2፣ ቀሪ 14

ካርዱ 14 ይላል። የቆጠራ ኮሚቴው ቆጥሮ መደርደሪያው ላይ የለጠፈው መለያ 9 ይላል። ልዩነቱ አምስት ነው።

አሁን አምስቱን ከፋፍሏቸው። ጉድለቱ ሁሉ ከአንድ ምክንያት እንዲመጣ አታድርጉ፤ ምክንያቱ ሲገኝ ታሪኩ እዚያው ይቆማል። ሁለቱ ተቀላቅለው ይገኙ። የካቲት 20 ቀን 12ቱ ገቢ ሲደረደሩ ሁለት ካርቶን በስሕተት ወደ 6206 ሳጥን ገብተዋል። ኮሚቴው ካርቶን ብቻ ቆጥሮ ሄዷል፤ ቁጥሩን አላነበበም። ስለዚህ 6206 በካርዱ 6፣ በመለያው 8 ነው። ጉድለት ካለ ሁልጊዜ ትርፍም ፈልጉ፤ ትርፍ ያለበት ሳጥን የጠፋውን ዕቃ ይዞ ሊሆን ይችላል። ይህን ማንኛውም ንብረት ጠባቂ ያውቀዋል፣ ባለታሪካችሁም ማወቅ አለበት።

የቀሩት ሦስቱ መጋቢት 12 ሌሊት ያለ ደረሰኝ ወጥተዋል። ሞተር ቆመ። 1.5 ኪሎዋት አካባቢ ያላቸው ትንንሽ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጫፍ 6205 ይይዛሉ፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት ነበር። ታዲያ ሦስት ለምን ወጣ? መካኒኩ ቸኩሎ የመጀመሪያውን ዘንጉ ላይ ሲያስገባ የውጩን ቀለበት በመዶሻ መታው። ኩሽኔታ ዘንግ ላይ የሚገባው በውስጠኛው ቀለበት ተገፍቶ ነው። የውጩ ከተመታ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና የሚንከባለሉበትን መስመር ያጎደጉዳል፤ በእጅ ሲዞር ይንገራገጫል። አዲሱ ተበላሸና ሦስተኛ ተወሰደ።

ደምሩ፦ 9 በቦታው፣ 2 በጎረቤት ሳጥን፣ 2 በሞተሩ ውስጥ፣ 1 የተበላሸ። 14። ድምሩ ካልገጠመ ወደ ደረጃ 4 አትለፉ።

ደረጃ 4፦ ምስጢሩ ለምን በዚህ ሌሊት ብቻ እንደሚኖር አስረዱ

ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ንብረት ጠባቂው ብቻውን ዓመታዊ ቆጠራ ሲያካሂድ ማሳየት ነው። አይሆንም፤ ቆጠራ የኮሚቴ ሥራ ነው። ንብረት ጠባቂው አጠገብ ሆኖ ያሳያል እንጂ በራሱ እጅ ያለውን ንብረት ራሱ ቆጥሮ ራሱ አያረጋግጥም። በደንብ በሚመራ ቆጠራ ደግሞ ቆጣሪዎቹ ካርዱ ላይ ያለውን ቀሪ አያዩም፤ ቁጥሩን ካወቁ ወደሚያውቁት ቁጥር የመቁጠር ፈተና ውስጥ ይገባሉ።

ይህ ሕግ ለታሪኩ ትልቅ ስጦታ ነው። ኮሚቴው ሰኔ 29 ቀን የመለያውን 9 ያውቃል፣ የካርዱን 14 አያውቅም። ሂሳብ ክፍሉ 14ን ያውቃል፣ 9ኙን አላየም። ሁለቱ የሚነጻጸሩት ነገ ጠዋት ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያይ፣ የመደርደሪያውም የካርድ መሳቢያውም ቁልፍ ያለው፣ ሌሊት የሚገባው ሰው ብቻ ነው። እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ድረስ ጉድለቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም።

መለያው ተከታታይ ቁጥር ያለውና የተፈረመበት እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ፤ ባለታሪኩ መለያውን መቀየርም መቅደድም አይችልም። ሊነካው የሚችለው ካርዱን ብቻ ነው።

ደረጃ 5፦ መክፈቻውን በርክክብ ጀምሩ

በሕልም፣ በማንቂያ ደወል ወይም በዝናብ መግለጫ አትጀምሩ። የፈረቃ ርክክብ ቁልፉን፣ ቦታውንና ኃላፊነቱን በአንድ ላይ ያስገባላችኋል። የሌሊቱን ንብረት ጠባቂ ስማቸው ብለን እንጥራው። እንዲህ፦

> ስማቸው ቁልፉን ሲረከብ የቀን ንብረት ጠባቂዋ ፊርማዋን እንኳ ቆማ አልጨረሰችም። "ሦስት መደርደሪያ ቀርቷል፣ ነገ ጠዋት ይጨርሳሉ። ያለ ወረቀት አንድ ብሎን እንዳትወጣ" ብላ ሻርፗን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ዝናቡ ወጣች። በመደርደሪያዎቹ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። ራቅ ብሎ ሲታይ ልብስ የተሰጣ ይመስላል።

በአራት ዓረፍተ ነገር ቆጠራው እንዳላለቀ፣ ሕጉ ምን እንደሆነ፣ መለያው ምን እንደሚመስል ታውቋል። "ስማቸው የ26 ዓመት ወጣት ሲሆን…" ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ከጻፋችሁ ሰርዙት። ዕድሜው ለሴራው አይጠቅምም።

ደረጃ 6፦ ጉድለቱ ሥራ ሲሠራ ይገኝ

ባለታሪኩ ጉድለት ሊፈልግ አይነሣ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መካኒክ አንድ 6205 ይጠይቀው። ስማቸው ደረሰኙን ይጽፋል፤ ቆጠራው በመካሄድ ላይ ስለሆነም በተለየ ወረቀት ላይ "ከቆጠራ በኋላ የወጣ" ብሎ ይመዘግባል። ከዚያ እንደ ልማዱ ካርዱን ያወጣል። 14 ሲቀነስ 1፣ 13 ሊጽፍ ብዕሩን ያነሣል። ዓይኑ መለያው ላይ ያርፋል። 9።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ አንድ ኩሽኔታ ከወጣ በኋላ መደርደሪያው ላይ ያለው 8 ነው፣ ካርዱም 13 ይሆናል። ልዩነቱ ያው አምስት ነው። ሁለተኛ፣ "ልቡ ደነገጠ" አትበሉ። እጁ የሚሠራውን ጻፉ፦

> እንደገና ቆጠረ። ስምንት። ሦስተኛ ጊዜ ሲቆጥር ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ ወለሉ ላይ ደረደረና ባዶውን ሳጥን ወደ ባትሪው ብርሃን አዘነበለው። ከታች የእንጨት ብናኝና አንድ የደረቀ የበረሮ ክንፍ ብቻ ነበር።

ደረጃ 7፦ ፍለጋውን በትክክለኛው ቅደም ተከተል አስኬዱ

ልምድ ያለው ሰው ጉድለት ሲያይ መጀመሪያ ሌባ አያስብም። መልሶ ይቆጥራል፣ የጎረቤት ሳጥኖችን ያያል፣ የካርዱን መደመርና መቀነስ ይፈትሻል፣ በመጨረሻ ያልተመዘገበ ወጪ ይፈልጋል። ስማቸውም በዚህ መንገድ ይሂድ። ሁለቱን 6206 ሳጥን ውስጥ ሲያገኝ አንባቢውም ባለታሪኩም ትንሽ ይተንፍሱ። ሦስት ቀረ።

ያልተመዘገበውን ወጪ ሲፈልግ የወጪ ደረሰኙን ጥራዝ ያገላብጣል። 0416 መጋቢት 11 የተጻፈ ነው። 0418 መጋቢት 13። በመሐላቸው 0417 ባዶ ነው፤ ካርቦኑን ተከትሎ ኮፒዎቹም ባዶ ናቸው። ያን ጊዜ ትዝ ይለዋል፦ ያን ሌሊት ወጪውን የሚያጸድቀው የፈረቃ ኃላፊ ቦታው ላይ አልነበረም። ስማቸው "ጠዋት ይሞላል" ብሎ ቅጠሉን ዘሎ ተወው። ጠዋት የገባችው ባልደረባው ቀጣዩን ቅጠል ተጠቀመች። በእጁ የቀረው መካኒኩ የፈረመበት የኩሽኔታ ካርቶን ክዳን ነው።

ክዳኑን በቅርብ አሳዩ። ዘይት የነካ የአውራ ጣት አሻራ፣ በወፍራም እርሳስ "6205 — 3" የሚል፣ ከሥሩ ፊርማ፣ 12/7። መጋቢት ሰባተኛ ወር ነው፤ ወሩን በቁጥር ስትጽፉ አትሳሳቱ። ክዳኑ ከየት ተገኘ? ድንገት ከኪስ እንዳይወድቅ። ከካርድ መሳቢያው ጀርባ ተንሸራቶ ወድቆ ይገኝ፤ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ይኖርበታል።

ክዳኑ እጁ ሲገባ ቀጥተኛው መፍትሔ ጠዋት ማሳየት ብቻ ይመስላል። ታሪኩ እዚህ እንዳያልቅባችሁ ቀጣዩ ደረጃ ያስፈልጋል።

ደረጃ 8፦ መካኒኩን አስገቡት

ጋሽ ይበልጣል የሌሊቱ መካኒክ ናቸው፤ ኩሽኔታውን የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ ስማቸው አንቱ ይላቸዋል። ስማቸውን ሥራ ያስተማሩት፣ ሻይ የሚያመጡለትም እሳቸው ናቸው። መጥፎ ሰው አታድርጓቸው። አንዱን ያበላሹት በቸልተኝነት ሳይሆን ወፍጮው ቆሞ ሰው ሁሉ ራሳቸው ላይ ቆሞ ነው። ለሰላሳ ዓመት ሙያቸው ግን የመዶሻው ነገር ነውር ነው።

ንግግሩን አጭር አድርጉት። የሚፈልጉትን በቀጥታ አይጠይቁ።

> "ስንት ብለህ ልትጽፍ ነው?"
> "የወጣውን ነዋ፣ ጋሽ ይበልጣል።"
> "ሞተሩ የሚይዘው ሁለት ነው። ሁለት በለው እንጅ።"
> "ክዳኑ ሦስት ይላል።"
> ጋሽ ይበልጣል ኮፍያቸውን አውልቀው ውኃውን አራገፉ።
> "ክዳኑን ያየ ሰው አለ?"
> "የለም።"
> "በል ሻይህን ጠጣ። ቀዘቀዘ።"

የጎጃም ለዛ ለማምጣት ብላችሁ ንግግሩን በአነጋገር ዘዬ አትሙሉት። አንድ "እንጅ" ይበቃል። ስማቸው የቀን ባልደረባውን ሲያስብ "እታለም" ካላት ሌላው ተጨማሪ ነው።

ሁለት ተብሎ ከተጻፈ አንዱ በንብረት ጠባቂው ላይ ጉድለት ሆኖ ይቀራል። ይህን ማንም በአፉ አይናገር፤ አንባቢው ራሱ ይቀንስ። ደረጃ 3 ላይ ሂሳቡን ግልጽ ያደረግነው ለዚህ ነው።

የሚያሳስበውን ነገር በኩሽኔታው ዋጋ አትመዝኑ። ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ተያዥ ያቀርባል። የስማቸው ተያዥ የእናቱ ወንድም ናቸው እንበል፤ ፈርመው የሰጡት "አታሳፍረኝ" ብለው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መሐል ላይ ጥቀሱት። የአጎቱን ታሪክ በሙሉ ከተረካችሁ ሌላ ልቦለድ ጀምራችኋል።

ደረጃ 9፦ ባዶውን ቅጠል ፈተና አድርጉት

አሁን ስማቸው ፊት ባዶ 0417 አለ። ቢሞላው ይዘቱ እውነት ነው፤ ዕቃው በርግጥ ወጥቷል። ቀኑ ግን ሐሰት ይሆናል፤ ሰኔ ላይ ተቀምጦ መጋቢት ብሎ መጻፍ ነው። ፈተናው ከባድ የሚሆነው ከግማሽ እውነት ጋር ስለተጋፈጠ ነው። ሌባን ከመከላከል ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስጨንቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ ቅጠሉ ከተሞላ ነገሩ የተሸፈነ ይመስለዋል። አይሸፈንም፤ ምክንያቱም የወጪ ደረሰኝ አንዱ ኮፒ ወደ ሂሳብ ክፍል ይሄዳል። ሂሳብ ክፍል በራሱ ካርድ 14 ይዞ ነው የሚጠብቀው። 0417 ዛሬ ቢሞላ የግምጃ ቤቱ ካርድ ይስተካከላል፣ የሂሳቡ አይስተካከልም፤ ሦስት ወር ዘግይቶ የደረሰ ኮፒም ጥያቄ ያስነሣል። ጥራዙ ሌሊት እንደተነካ የሚያሳይ ሌላ ምልክትም አለ፦ የአጽዳቂው ፊርማ የለም። ባለታሪኩ ይህን ሁሉ ያውቃል። ብዕሩን አንሥቶ የቀኑን ቦታ እስኪነካ ድረስ ውሰዱት፣ ከዚያ ስለ ኮፒው ያስብ። ሐሳቡ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይምጣ፦ "ሮዙ ኮፒ የት ይሄዳል?" የኮፒውን ቀለም በየቦታው ስለሚለያይ በጥራዛችሁ እንደወሰናችሁት ያዙት፤ ብቻ አንዴ ሮዝ ካላችሁ እስከ መጨረሻው ሮዝ ይሁን።

ባለታሪካችሁ ቅጠሉን እንዲሞላ ከፈለጋችሁ ይቻላል። ያኔ ግን ታሪኩ ጠዋት ሂሳብ ክፍል እስኪደርስ መቀጠል አለበት፤ በሌሊቱ ውስጥ መዝጋት አትችሉም።

ደረጃ 10፦ መዝጊያው

ኮሚቴው የወሰነውን አትጻፉ። ስማቸው ተቀጣ፣ ተሸለመ፣ ጋሽ ይበልጣል አለቀሱ የሚል ሁሉ ይቅር። ጊዜው ጠዋት 12 ሰዓት ነው፣ ርክክብ ነው፣ ታሪኩ በጀመረበት በር ላይ ይዘጋል። መጨረሻ የሚሆነው እጁ የሠራው ነው፦ 0417 ላይ ከማእዘን ማእዘን ሁለት መስመር አሥምሮ "ተሰርዟል" ብሎ የዛሬውን ቀን ጽፎ ፈርሟል፤ ኮፒዎቹን አልቀደደም። ክዳኑን ከቢን ካርዱ ጀርባ በስቴፕለር አያይዞታል፣ ሦስቱ በሚታይበት በኩል።

> "የጎደለ አለ?" አለች እታለም ጃንጥላዋን እያጠፈች።
> "ሦስት።"
> ካርዱን ገልብጣ ክዳኑን አየችው። ከዚያ መፈረሚያውን ደብተር ሳትከፍት ወደ ጥገና ክፍሉ በር ተመለከተች። ጋሽ ይበልጣል ዝናቡ ሳያቆም ሄደዋል፤ የሻይ ብርጭቋቸው መስኮቱ ላይ ነበር።

አንድ ደረጃ ሲበላሽ

*ታሪኩ የሂሳብ ማብራሪያ ከመሰለ፦* በአንድ ገጽ ውስጥ ከሦስት የሚበልጥ ቁጥር እንዳለ እዩ። 14፣ 9፣ 5 ይቆዩ፤ የየካቲቱና የሚያዝያው መስመር ካርዱ ላይ እንዳለ ብቻ ይጠቀስ። ካርዱን የሠራችሁት ለራሳችሁ ነው።

*አንባቢው "ለምን ስልክ አይደውልም?" ካለ፦* ለአንድ ሰው ይደውል። የፈረቃ ኃላፊው ስልክ ዝግ ይሁን ወይም ኔትወርክ ከመብራቱ ጋር ይሂድ። ጨርሶ ካልደወለ ግን ሴራው የተሠራ ይመስላል።

*መካኒኩ ክፉ ከመሰለ፦* የመዶሻውን ትዕይንት ከንግግሩ በፊት አምጡት። አንባቢው መጀመሪያ የቆመውን ወፍጮና የከበባቸውን ሰው ካየ፣ "ሁለት በለው" ሲሉ ይረዳቸዋል።

*መሐሉ ከቀዘቀዘ፦* የሰዓት ወረቀታችሁን እዩ። በ6 ሰዓት ጉድለቱ፣ በ7 የጎረቤት ሳጥኑ፣ በ8 ክዳኑ፣ በ9 ጋሽ ይበልጣል፣ በ10 ባዶው ቅጠል። ከአንዱ ወደ ሌላው በዝርዝር የምታሳልፉት ሰዓት ካለ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ የምትገልጹበት ነው፤ አውጡት።

*ሂሳቡ ላይ ከተጠራጠራችሁ፦* ረቂቁን ንብረት ክፍል ለሠራ ሰው ስጡትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ "ሦስቱ የት ናቸው?" ወረቀት ላይ ሳይጽፍ ከመለሰ ደህና ነው። "ሦስት ነው አምስት?" ብሎ መልሶ ከጠየቃችሁ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱና ሁለቱ ካርቶኖች ከ6206 ሳጥን ሲወጡ የሚያሳየውን አንቀጽ እንደገና ጻፉት።